የነዳጁ 900 ሺህ ብር ለየትኛው ሥራ ነው? ከዝርዝር ወጪ ወደ ፕሮግራም በጀት

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነኝ። ሥራችን ጣና ላይ ነው፤ እምቦጭ እናስወግዳለን፣ ሕገወጥ የዓሣ ማስገርንም እንቆጣጠራለን። እስካሁን በጀት የምናቀርበው በሂሳብ መደብ ነበር። የአምናውን አንስተን ትንሽ ጨምረን እንልካለን። ዘንድሮ በፕሮግራም አቅርቡ ተባልን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ያው ሠንጠረዡን ቆራርጦ ርዕስ መስጠት ነው› ይላል። እውነት እንደዚያ ነው? ጀልባውም መኪናውም ለሁሉም ሥራ ነው የሚወጣው። ደመወዙስ የት ይገባል?»

ምላሽ፦

ባልደረባዎ ግማሹን ልክ ብለዋል። የሂሳብ መደቦቹ የትም አይሄዱም። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111 ነው፣ ነዳጅና ቅባት 6217 ነው፣ ውሎ አበል 6231 ነው፤ ነገም ያው ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው በእነዚህ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛዋም ሰነድ የምታዘጋጀው በእነዚህ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2004 በጀት ዓመት ጀምሮ በፕሮግራም በጀት ይሠራሉ፤ የወጪ መደቦቹን ግን አልጣሏቸውም። አዲሱ ቅጽ አሮጌውን አይሽረውም። በእያንዳንዱ ብር ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምርበታል፦ የወጣው ምን ለመሥራት ነው?

የሳቱት «ቆራርጦ ርዕስ መስጠት» ያሉት ላይ ነው። መቁረጡ ራሱ ነው ሥራው። የት እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ደግሞ ፋይናንስ ክፍሉ ብቻ አይደለም። ጀልባ ነጂውም ያውቃል፣ ስምሪት የሚይዘውም ያውቃል።

በምሳሌ እንሂድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ይተኳቸው። መሥሪያ ቤቱ 40 ሠራተኛ፣ 10 ሚሊዮን ብር መደበኛ በጀት አለው እንበል። በአሮጌው ቅጽ እንዲህ ይቀርባል። ደመወዝ 6 ሚሊዮን። የመንግሥት የጡረታ መዋጮ፣ የደመወዙ 11 በመቶ፣ 660 ሺህ። የቀን ሠራተኞች ክፍያ 800 ሺህ። ውሎ አበል 1 ሚሊዮን። ነዳጅ 900 ሺህ። የጀልባና የመኪና ጥገና 400 ሺህ። አላቂ የቢሮ ዕቃ 240 ሺህ። መብራትና ስልኩን ለማቅለል ትቼዋለሁ።

ይህን ሰነድ የሚያነብ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ስንት ሰው እንደሚከፈለው፣ ስንት ብር ለነዳጅ እንደተያዘ ያያል። ለቁጥጥር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዝርዝር የወጪ በጀት ይህን ያህል ዘመን የኖረው ለዚህ ነው። ለነዳጅ የተፈቀደው ብር ለወንበር መግዣ ሲውል ወዲያው ይታያል። የማይታየው ሌላ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ጣና ላይ ይሥራ፣ ተራራ ላይ ደን ይጠብቅ፣ ከሰነዱ አይለይም። ስሙን ከላይ ቢሸፍኑት የማንም በጀት ሊሆን ይችላል።

አሁን እንቁረጠው። ሦስት ፕሮግራም ይበቃችኋል፦ ሥራ አመራርና አስተዳደር፣ እምቦጭን መከላከልና ማስወገድ፣ የዓሣ ሀብት ቁጥጥር።

ደመወዙ ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ሰዓቱን እየቆጠረ ቅጽ ይሙላ የሚል ሐሳብ ከመጣ እባክዎ ይቃወሙ፤ ሁለት ወር ይሞላል፣ ከዚያ በፈጠራ ይሞላል። አብዛኛው ሠራተኛ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ኃላፊው፣ የሰው ሀብት፣ ግዥ፣ ሂሳብና ጥበቃ በድምሩ 14 ሰዎች ቢሆኑ እንዳሉ ወደ አስተዳደር ይገባሉ፤ ደመወዛቸው 1.8 ሚሊዮን ነው እንበል። 12ቱ የእምቦጭ ባለሙያዎች 2.1 ሚሊዮን፣ 10ሩ የዓሣ ባለሙያዎች 1.6 ሚሊዮን ይዘው ወደየፕሮግራማቸው ይሄዳሉ። የሚከፋፈሉት የቀሩት አራት ጀልባ ነጂዎችና ሾፌሮች ብቻ ናቸው። የእነሱ 500 ሺህ ብር ነው ማካፈያ የሚፈልገው።

ማካፈያው ከየት ይመጣል? ከስምሪት ደብተሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የአምናውን ደብተር ያውጡና ጀልባና መኪና የወጡበትን ቀን በምክንያቱ ይቁጠሩ። «ለመስክ ሥራ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሲያገኙ፣ እንደሚያገኙም እርግጠኛ ነኝ፣ ነጂውን ይጠይቁ። የት እንደሄደ ከነገሩዎት ምን ሊሠራ እንደሄደ ይታወቃል። ከቆጠሩ በኋላ 60 በመቶው ለእምቦጭ፣ 30 በመቶው ለዓሣ ቁጥጥር፣ 10 በመቶው ለአስተዳደር ጉዳይ ሆኖ ተገኘ እንበል።

በዚያው ድርሻ የነጂዎቹ ደመወዝ፣ ነዳጁና ጥገናው ይከፈላሉ። ነዳጁ 540 ሺህ ለእምቦጭ፣ 270 ሺህ ለዓሣ፣ 90 ሺህ ለአስተዳደር ይሆናል። የቀን ሠራተኞቹ አረም ነቃዮች ስለሆኑ 800 ሺሁ ሙሉውን ወደ እምቦጭ ነው። አበሉን ከአምናው የክፍያ ሰነዶች ማየት ይቻላል፤ 550 ሺህ ለእምቦጭ፣ 330 ሺህ ለዓሣ፣ 120 ሺህ ለአስተዳደር ነው እንበል። ከቢሮ ዕቃው 160 ሺሁን ለአስተዳደር፣ 40፣ 40 ሺሁን ለሁለቱ ይስጡ። ጡረታው ደመወዙን ተከትሎ ይሄዳል። ሲደመር እምቦጭ 4,834,000፣ ዓሣ 2,702,500፣ አስተዳደር 2,463,500 ብር ይሆናል። ድምሩ ያው 10 ሚሊዮን ነው። አንድ ብር ካነሰ ወይ ከበለጠ አንድ መደብ ረስተዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ሳያገኙት እንዳያልፉ።

እስከዚህ ድረስ ባልደረባዎ «አላልኳችሁም? ቆርጣችሁ ርዕስ ሰጣችሁ» ሊሉ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው በጀት ሲቀነስ ነው።

የበጀት ጣሪያችሁ 9 ሚሊዮን ነው ተባላችሁ። 1 ሚሊዮን መቀነስ አለበት። በአሮጌው ቅጽ ምን እንደሚሆን እርስዎም ያውቁታል። ደመወዝና ጡረታ አይነካም፤ ስለዚህ 6.66 ሚሊዮኑ ይቀመጣል። ከቀረው 3.34 ሚሊዮን ላይ ከሁሉም መደብ 30 በመቶ ገደማ ይቆረጣል። ነዳጁ 630 ሺህ፣ አበሉ 700 ሺህ ይሆናል፣ ሌላውም እንዲሁ። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ፍትሐዊም ይመስላል። ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ ቢሮ ይቀመጣል፣ ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ ይውላል። ከሁሉም ሥራ አንድ ሦስተኛው ሊቀር ትንሽ ነው የጎደለው፤ ይህን ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው ግን የለም።

በአዲሱ ቅጽ ይህ አይቻልም፤ ውጤቱ አብሮ ተጽፏልና። የእምቦጭ ፕሮግራሙ 200 ሄክታር አጸዳለሁ ብሏል። ለዚያ በቀጥታ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ፣ አበልና ነዳጅ 1,890,000 ብር ነው፤ በሄክታር 9,450 ብር ይመጣል። የዓሣ ፕሮግራሙ 120 ቀን ቅኝት አደርጋለሁ ብሏል። አበሉና ነዳጁ 600 ሺህ ነው፤ በቀን 5,000 ብር። አሁን የምትነጋገሩት ስለ መቶኛ መሆኑ ይቀራል። 80 ሄክታር ብንተው 756 ሺህ እናገኛለን። 20 የቅኝት ቀን ብንተው 100 ሺህ። ከአስተዳደሩ ነዳጅ፣ አበልና ቢሮ ዕቃ 144 ሺህ። ሚሊዮኗ ሞላች። አዲሱ ሰነድ 120 ሄክታርና 100 ቀን ይላል፤ ያንን ዝቅ ያለ ቁጥር የሚፈርምበት ኃላፊ አለ። የበጀት ክርክሩ ላይ «ለምን ቀነሳችሁ?» ሲባል መልሱ «ጣሪያው ይህን ያህል ነው የሚገዛው» ነው። ይህን ለማለት የሚያስችል ወረቀት አሮጌው ቅጽ ሰጥቶዎት አያውቅም።

በሄክታር 9,450 ብር የሚለውን ግን እንደ ገበያ ዋጋ እንዳይዙት። አማካይ ነው። መንገድ ዳር ያለው ሄክታር ርካሽ ነው፤ በጀልባ ተሂዶ ጭቃ ውስጥ ተገብቶ የሚጸዳው ውድ ነው። ስትቀንሱ የትኛውን 80 እንደምትተዉ ካላያችሁ ስሌቱ ያሳስታችኋል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ውጤቱ በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ መሥሪያ ቤት የሚወድቀው። «ግንዛቤ መፍጠር»፣ «ክትትል ማጠናከር» የሚባሉት ውጤት አይደሉም፤ ሊቀነሱም ሊቆጠሩም አይችሉም። «200 ሄክታር ማጽዳት» የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ወጥመድ አለበት። እምቦጭ በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ሰኔ ላይ «200 ሄክታር ጸዳ» የሚል ሪፖርት 70 ሄክታር ሦስት ጊዜ ገደማ የጸዳበት ሊሆን ይችላል። ድካሙ እውነት ነው፤ ቁጥሩም ውሸት አይደለም። ባሕሩ ላይ የጸዳው ግን 70 ነው። እኔ ብሆን ውጤቱን «ከጸዳ ከ60 ቀን በኋላ ሲታይ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሄክታር» ብዬ እጽፈው ነበር፤ ቦታው በቀበሌ ተለይቶ። መለኪያው ትንሽ ነዳጅ ይበላል። ግን ያኔ ክትትሉ ራሱ ሥራ ስለሚሆን በጀት ይያዝለታል።

ወደ ሌላኛው ጫፍም እንዳትሄዱ። «ጣናን ከእምቦጭ ነፃ ማድረግ» የሚል ግብ የእናንተ ፕሮግራም ሊጠየቅበት አይችልም። አረሙን የሚመግበው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ነው፤ ያ ከእጃችሁ ውጪ ነው። ዓላማ ላይ ይጻፍ። ብር የሚታሰርበት ውጤት ግን የእናንተ ሰዎችና ጀልባ የሚያደርሱት መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመውደቂያ ቦታ «ሥራ አመራርና አስተዳደር» ነው። ማካፈል ሲሰለች ሁሉም ነገር እዚያ ይጣላል። «ነዳጁ የጋራ ነው፣ አስተዳደር ውስጥ ይግባ።» «ሾፌሮቹም የጋራ ናቸው።» በምሳሌያችን ነዳጁ፣ ጥገናውና የአራቱ ሰዎች ደመወዝ ከነጡረታው እዚያ ቢጣል አስተዳደሩ ከ2.46 ወደ 4.13 ሚሊዮን ገደማ ይዘላል። ያኔ እምቦጭ በነፃ ነዳጅ የሚጸዳ ይመስላል፣ የሄክታሩ ዋጋ ትርጉም ያጣል። በጀቱን የሚያይ የምክር ቤት አባል ደግሞ «ከ10 ሚሊዮን ብር 4ቱን ቢሮ ውስጥ ትጨርሳላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም።

ፕሮግራሞቹን በዳይሬክቶሬት ልክ መስፋትም ይለመዳል። ለጊዜው ይመቻል። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ግን የአምናና የዘንድሮ በጀት ይለያያል፣ ማወዳደር አይቻልም። ዓሣ የሚቆጣጠረው ክፍል ስሙ ቢቀየር ዓሣው አይቀየርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሲጽፉ አይርሱ፤ የካፒታል በጀቱን። በለመድነው አሠራር መደበኛና ካፒታል በየፊናቸው ይቀርባሉ። ማሽን ወይም ጀልባ በካፒታል ይገዛል፤ ነጂው፣ ነዳጁና መለዋወጫው ደግሞ መደበኛ በጀት ውስጥ ይታሰባሉ፣ ወይም አይታሰቡም። በፕሮግራም ሲሆን ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ይመጣሉ። አዲስ ጀልባ የጠየቀ ፕሮግራም ሥር የነዳጁ 6217 ካልጨመረ ክፍተቱ ያለ ኦዲተር ይታያል።

ጊዜው ደግሞ የእናንተን ሥራ ከብዙዎች ይለየዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጣና ነጭ ዓሣዎች ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች የሚወጡት በክረምቱ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋውም ያኔ ነው። 120 ቀን ያልኩት አራቱን ወራት ቆጥሬ ነው። በዝርዝር ወጪ ስንሠራ ነዳጁ በአራት ሩብ ዓመት እኩል ይካፈላል፤ 225 ሺህ፣ 225 ሺህ። የዓሣ ቅኝቱ ግን 270 ሺህ ብሩን ከሞላ ጎደል በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ ሐምሌ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ የነዳጅ ግዥ ገና የሚጀመርበት ወር ነው። ነዳጁ መስከረም ላይ ከደረሰ ዓሣው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት ዕቅዱንም በፕሮግራም ለይታችሁ አቅርቡ፤ የዓሣው ድርሻ ቀድሞ እንዲለቀቅ በጽሑፍ ጠይቁ። «ነዳጅ በአስቸኳይ» የሚል ደብዳቤ ማንም ይጽፋል። «በዚህ ሩብ ዓመት የታቀዱ 90 የቅኝት ቀናት» የሚለውን ግን ወደ ጎን መግፋት ይከብዳል።

ዝውውርም አለ። እስካሁን ከአበል ወደ ነዳጅ ማዛወር የምትጠይቁት በመደብ ነበር። ከእንግዲህ ከእምቦጭ አበል ወደ ዓሣ ነዳጅ ሲዛወር ፕሮግራም ተሻገረ ማለት ነው፤ የውጤቱ ቁጥርም አብሮ መስተካከል አለበት። ማን እንደሚፈቅድ የገንዘብ ቢሮውን የዝውውር መመሪያ አስቀድመው ይዩ፤ ጥያቄውን ለሰኔ አያቆዩት።

የሥርዓቱን ወሰን ሳልናገር አላልፍም። ከ10 ሚሊዮኑ 6.66ቱ ደመወዝና ጡረታ ነው፤ ቅጹ ስለተቀየረ አይንቀሳቀስም። የምትወስኑት በቀሪው ላይ ነው። ወረቀት ማብዛትም ሥርዓቱን ሊገድለው ይችላል። አሜሪካኖች በ1961 እ.ኤ.አ. መከላከያቸው ውስጥ የጀመሩትን የፕሮግራም በጀት በ1965 ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች አስፋፉት፤ በ1971 ደግሞ ከመከላከያው ውጪ ተዉት። ከምክንያቶቹ አንዱ የትንተናው ክምር ነበር፤ የተጻፈው በዝቶ አንባቢ ጠፋ። እናንተ በሁለቱ የመስክ ፕሮግራሞች ሥር ሁለት፣ ሁለት ውጤት ብትጽፉ ይበቃል። አሥራ አምስት ውጤት ያለው ፕሮግራም አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ማንም አልከፈተውም።

የመጨረሻው ነገር የሂሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። በጀቱ በፕሮግራም ጸድቆ ወጪው በመደብ ብቻ ከተመዘገበ ሥራችሁ ሁሉ ሰነዱ ላይ ቀረ። ነዳጅ ሲቀዳ ኩፖኑ ላይ፣ አበል ሲጠየቅ ቅጹ ላይ፣ የክፍያ ማዘዣው ላይ የፕሮግራሙ ኮድ መጻፍ አለበት። ከሐምሌ 1 በፊት የስምሪት ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ መዳፍ የማትሞላ ቦታ ትበቃለች፣ ነጂው የፕሮግራሙን ቁጥር፣ 1፣ 2 ወይም 3 ብሎ ይጻፍባት። መስከረም 30 ላይ የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት የነዳጅ ወጪ በፕሮግራም ለይታችሁ አምጡ ይበሉ። ወረቀቱ ልክ 60፣ 30፣ 10 ሆኖ ከመጣ ማንም ኩፖን አላየም፤ የእርስዎን ማካፈያ አባዝተው ነው የሰጡዎት። በእነዚያ ወራት ጀልባው የዋለው ወንዝ አፍ ላይ ስለሆነ የዓሣው ድርሻ ከ30 በደንብ መብለጥ ነበረበት።